ሻንጣ ጠፍቶ ሲቀር ለአየር መንገድ የሚጻፍ የካሳ ደብዳቤ፦ ከቦሌ እስከ ለገጣፎ

አክስቴ ልጃቸው ዘንድ ዋሽንግተን አራት ወር ቆይተው የተመለሱት የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እኔ ቦሌ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። አብረዋቸው የበረሩ ሰዎች ጋሪ እየገፉ ወጥተው አለቁ። እሳቸው የሉም። በመጨረሻ ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ አንዱ ሻንጣ መጣ፤ ሌላው የለም። ሰው ሁሉ ወስዶ ሄደ፣ ቀበቶው ባዶውን ይዞራል» አሉኝ።

ዴስክ ላይ ያለው ልጅ ደግ ነበር። «እናቴ፣ አይጨነቁ፤ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል። ቤትዎ ሄደው ይረፉ፣ እንደውላለን» አላቸው። አክስቴም አመስግነው ሊወጡ ነበር። በስልክ የለመንኳቸው አንድ ነገር ነው፦ «ቁጥር ያለው ወረቀት ሳይሰጥዎት እንዳይወጡ።»

ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈው አንዱም አይሠራም ነበር። ሻንጣው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ካሳው ግን ተከፍሏል። እንዴት እንደተከፈለ፣ ደብዳቤውም ምን እንደሚል፣ በቅደም ተከተል ላስረዳ። የአየር መንገዱን ስም አልጠቅስም። አሠራሩ በየትኛውም አየር መንገድ ያው ነው።

ከሻንጣ መቀበያው አዳራሽ ሳትወጡ

ጉምሩኩን አልፋችሁ ከወጣችሁ በኋላ ተመልሶ መግባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር እዚያው ይለቅ። የጠፋ ሻንጣ ዴስክ ላይ የሚሞላው ሪፖርት በሥራው ቋንቋ ፒ አይ አር ይባላል። ሲሞላ ኮምፒውተሩ አንድ የፋይል ቁጥር ያወጣል። አምስት ፊደልና አምስት አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የኤርፖርቱ መለያ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። ቦሌ ላይ የተከፈተ ፋይል `ADDXX12345` ዓይነት መልክ አለው። `XX` ያልኩት በአየር መንገዱ መለያ ቦታ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ አየር መንገዶች በጋራ በሚጠቀሙበት ወርልድትሬሰር በሚባለው የሻንጣ መፈለጊያ ሲስተም ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ከሌላችሁ ሻንጣችሁን በሲስተሙ የሚፈልግ የለም።

ወረቀቱን ተቀብላችሁ ወደ ኪስ አትክተቱት። ቆማችሁ አንብቡት። ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛው የታግ ቁጥሩ ነው። ሻንጣ ስታስረክቡ ቦርዲንግ ፓሱ ጀርባ ላይ ወይም ፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ 10 አኃዝ አለ። ሪፖርቱ ላይ ያለው ከዚህ ጋር አንድ መሆን አለበት። የአክስቴ ሁለት ሻንጣዎች ታግ በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ነው የሚለያየው። ልጁ ቸኩሎ የመጣውን ሻንጣ ቁጥር ጽፎ ነበር። ሳይስተካከል ቢቀር ሲስተሙ የሚፈልገው እጃችን ላይ ያለውን ሻንጣ ይሆን ነበር! ታጉን ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱት። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ውሎ ሲያድር ይደበዝዛል። ዋናውን ደግሞ ለማንም አትስጡ። ኮፒ ይበቃቸዋል።

ሁለተኛው ስም ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። ትኬቱ ላይ ግን የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው አጻጻፍ ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳሰል። ነገ ገንዘቡ ሲላክ የባንክ ሒሳቡ ስም ከሪፖርቱ ጋር ካልገጠመ ክፍያው ይቆማል።

ሦስተኛው አድራሻ ነው። ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። አክስቴ የሚኖሩት ለገጣፎ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ ነው። ፎርሙ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። ልጁ «አዲስ አበባ» ብሎ ብቻ አልፎት ነበር። እንደገና አስጻፍነው፦ ለገጣፎ፣ የሰፈሩ ስም፣ በአቅራቢያው ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለት የስልክ ቁጥር። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእኔ። ሻንጣ የሚያደርስ ሹፌር ደውሎ ስልክ ካልተነሳለት ወደ ኤርፖርት ይመልሰዋል። ሰፈራችሁ ኔትዎርክ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ከተማ የሚውል ሰው ቁጥር ጨምሩ።

ሃያ አንዱን ቀን መቁጠር

ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የጠፋ ሻንጣ የሚዳኘው በፈረንጅ 1999 በወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ስምምነቱ እንደሚለው ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ካለፈ፣ ወይም አየር መንገዱ ራሱ ጠፍቷል ብሎ ካመነ፣ ተሳፋሪው እንደጠፋ ቆጥሮ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ሻንጣው «ዘግይቷል» እንጂ «ጠፍቷል» አይባልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀን መቁጠሪያው ነው። አየር መንገዱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን ነው። የካቲት 29 ቀን 2017 ማለት 8 ማርች 2025 ነው። 21 ቀኑ የሞላው 29 ማርች፣ በእኛ መጋቢት 20 ቀን ነው። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ ግን የፈረንጁ ይቅደም። ሰዓትም እንደዚያው ነው። አክስቴ ቦሌ ያረፉት «ጠዋት 1፡40» ነው። ይህን እንዳለ ብትጽፉት ፋይሉን የሚያየው ሰው ሌሊት 1፡40 ብሎ ይረዳዋል፤ የሚያርፍ በረራም አያገኝለትም። 07:40 ብላችሁ ጻፉ።

ሌሎች ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉ። የሻንጣችሁ ነገር ወደነሱ ሊዞር ስለሚችል እወቋቸው። ሻንጣው መጥቶ ነገር ግን ተቀዶ ወይም ተሰብሮ ከሆነ፣ በእጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ የጽሑፍ አቤቱታ ማስገባት አለባችሁ። ዕቃ ጎድሎ ካገኛችሁትም በዚሁ 7 ቀን ውስጥ አቤቱታችሁን አስገቡ። ዘግይቶ ደህና ከመጣ ደግሞ፣ በመዘግየቱ ላወጣችሁት ወጪ ሻንጣውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አላችሁ። እነዚህ ካለፉ መብቱ አለቀ። ሙሉ በሙሉ ለጠፋ ሻንጣ ስምምነቱ እንዲህ ያለ የአቤቱታ ቀነ ገደብ አላስቀመጠም። ቢሆንም አየር መንገዶች በውላቸው የራሳቸውን ገደብ ስለሚጽፉ፣ 21ኛው ቀን እንዳለፈ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ መጀመሪያ መላክ ነው። ደግሞም ኤርፖርት የሞላችሁት ሪፖርት ካሳ ጠየቃችሁ ማለት አይደለም። እሱ «አልደረሰም» ብሎ ማስታወቅ ነው። ካሳ የሚጠየቀው ለብቻው፣ በጽሑፍ ነው።

እየጠበቃችሁ የሚሠራ ሥራ

ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ መጠበቅ የለም። የደብዳቤው ግማሹ የሚዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝር አውጡ። ትውስታ ትኩስ እያለ፣ ሻንጣውን ካስተካከለው ሰው ጋር ሆናችሁ። እኛ ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ የዋሽንግተኑ ልጃቸው በስልክ ምስል እየታየ፣ ከላይ እስከ ታች ጻፍነው። አክስቴ «ልብስ» ይላሉ። ልጃቸው «እማ፣ የትኛው ልብስ?» ይላል። እንዲህ ነው የሚሠራው። «ልብስ፣ 300 ዶላር» የሚል መስመር አንድም ሰው አይከፍልበትም። «የሴት የክረምት ኮት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዲሴምበር 2024 የተገዛ፣ 140 ዶላር፣ ደረሰኝ አለ» የሚል መስመር ግን ለመከራከር ያስቸግራል። ዝርዝሩ ለፍለጋውም ይጠቅማል። ታጉ ተቆርጦ የወደቀ ሻንጣ አንድ መጋዘን ውስጥ ተከፍቶ ሲታይ የሚለየው በውስጡ ባለው ዕቃ ነው። ስለዚህ ለየት ያለ ነገር አስቀድሙ። አክስቴ ሻንጣ ውስጥ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ የሐበሻ ቀሚስ ነበር። እሱን አንደኛ መስመር ላይ ጻፍነው።

ቀጥሎ ማስረጃ። ውጭ አገር የተገዛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ኢሜይል ላይ ደረሰኝ አለው። ልጃቸው የካርድ ሒሳቡንና የገዛባቸውን ኢሜይሎች አንድ ምሽት ፈልጎ ላከልን። ከመርካቶ ወይም ከሽሮ ሜዳ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃስ? ቀሚሱን ለብሰው የተነሱት ፎቶ ይሠራል። እኛ አክስቴ ባለፈው ዓመት ክርስትና ላይ ያንኑ ቀሚስ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ አያያዝን። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ተመሳሳዩን ቀሚስ ከሚሸጥ ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ አስጽፌ፣ ማኅተም አስደርጌ መጣሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ጥሩ ማስረጃ ይሆናሉ። ፎቶው «ዕቃው ነበረ» ይላል፣ ወረቀቱ «ዋጋው ይሄ ነው» ይላል።

ዋጋ ስታወጡ ያገለገለን ዕቃ በአዲስ ዋጋ አትጻፉ። አየር መንገዱ የእርጅና ቅናሽ ማድረጉ አይቀርም። ራሳችሁ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ቅናሹ በልክ ይሆናል፣ የቀረውም ዝርዝር ይታመናል። የአክስቴ ሻንጣ ሲገዛ 110 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት ስላገለገለ 70 ብለን ጻፍን።

ጌጣጌጥ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ላፕቶፕ የመሳሰሉት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አየር መንገዶች በውላቸው «እነዚህን በምታስረክቡን ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ» ስለሚሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ሲያዩ ክርክር ይጀመራል። በእውነት ከነበሩ ጻፏቸው፣ ግን ለብቻ ክፍል አድርጉ። የእነሱ ክርክር የሌላውን ዕቃ ክፍያ እንዳያጓትት ነው።

በመጨረሻ የመጠበቂያ ወጪ። ሻንጣ ሲዘገይ ለሚያስፈልግ ነገር ያወጣችሁት ተገቢ ወጪ ይጠየቃል፦ መቀየሪያ ልብስ፣ የንጽሕና ዕቃ፣ ለጉዳዩ ቦሌ የተመላለሳችሁበት ትራንስፖርት። ተገቢ የሚለው ቃል ላይ ይከራከሩባችኋል። ቤቱ የደረሰ ሰው ቁም ሣጥን አለው ይሏችኋል። ስለዚህ እውነተኛና ትንሽ ይሁን። አክስቴ የዕለት ጫማቸውና የሌሊት ልብሳቸው ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር 7,250 ብር አወጡ። ከለገጣፎ ቦሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን 2,600 ብር ለታክሲ ከፈልን። ታክሲውን በስልክ መተግበሪያ ስለጠራን የጉዞው መዝገብ ከነዋጋው ተቀምጧል። መንገድ ላይ የያዛችሁት ላዳ ግን ደረሰኝ አይሰጥም።

ስንት ይጠየቃል? በኪሎ አይደለም

ጠቅላላው ክርክር የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

በሞንትሪያል ስምምነት አየር መንገድ ለሻንጣ የሚጠየቅበት ጣሪያ ለአንድ ተሳፋሪ 1,519 ኤስ ዲ አር ነው። ኤስ ዲ አር አይ ኤም ኤፍ የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ነው። ዋጋው ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከዩዋን፣ ከየንና ከፓውንድ ተደምሮ ይወጣል። በአክስቴ ጊዜ 1,519 ኤስ ዲ አር ከ2,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ይህ ጣሪያ የሚሠራው ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት 1,288 ነበር። የድሮውን ቁጥር የሚጠቅስ መልስ ከመጣላችሁ የበረራችሁን ቀን አስታውሷቸው።

ጣሪያ ማለት ዝም ብሎ የሚታደል ገንዘብ አይደለም። 400 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከጠፋባችሁ 400 ነው። 3,000 የሚያወጣ ከሆነ፣ ከመብረራችሁ በፊት የሻንጣውን ዋጋ ለይታችሁ አሳውቃችሁ ተጨማሪ ካልከፈላችሁ በስተቀር፣ በጣሪያው ትቆማላችሁ። ጣሪያው ለሰው እንጂ ለሻንጣ አይደለም። ሁለት ሻንጣ ቢጠፋም ያው አንድ ጣሪያ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ በሉ፦ ክብደት እዚህ ውስጥ የለም። በኪሎ 20 ዶላር ገደማ የሚከፈልበት ስሌት የመጣው ከሞንትሪያል በፊት ከነበረው የዋርሶ ስምምነት ነው። ስሌቱ ዛሬም አንዳንድ የካሳ መልስ ላይ ብቅ ይላል። 23 ኪሎ በ20 ሲባዛ 460 ዶላር ነው። ብዙ ሰው «ሕጉ ነው» ሲባል ፈርሞ ይወስዳል። መነሻችሁና መድረሻችሁ ሁለቱም የሞንትሪያል አባል አገሮች ከሆኑ የሚሠራው የሞንትሪያሉ ነው። ትኬታችሁ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ደርሶ መልስ ከሆነ ደግሞ መነሻውም መድረሻውም ኢትዮጵያ ይባላል። አክስቴ የነበሩት በዚህ ነው። በአገር ውስጥ በረራ ለጠፋ ሻንጣ ግን ይህን ስምምነት አትጥቀሱ። ያ የሚታየው በአገር ውስጥ ሕግና በትኬቱ ውል ነው።

ደብዳቤው

ለማን ይላካል? አክስቴ የበረሩት በአንድ ትኬት በሁለት አየር መንገድ ነው። የመጀመሪያው ከዋሽንግተን አውሮፓ፣ ሁለተኛው ከአውሮፓ ቦሌ። ፍለጋውን የሚያካሂደው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው፣ ስለዚህ ለሱ ላክን። «የጠፋው በሌላው እጅ ነው፣ እነሱን ጠይቁ» የሚል መልስ ግን አትቀበሉ። ጉዞው በአንድ ውል ከሆነ ተሳፋሪው የመጀመሪያውንም፣ የመጨረሻውንም፣ በእጁ የጠፋበትንም መጠየቅ ይችላል። እርስ በርሳቸው ይተሳሰቡ።

የሚፈርመው ተሳፋሪው ራሱ ነው። እኔ በራሴ ኢሜይል ብልክ «አንተ ማን ነህ?» ብለው ያዘገዩት ነበር። በአክስቴ ስም ኢሜይል ከፍተን ከዚያ ላክነው። ለውጭ አየር መንገድ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ቅርጹ ግን ይህ ነው። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የዕቃው ዝርዝርና ማስረጃው በአባሪ ይሂድ።

> ቀን፦ 31 ማርች 2025 (መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.)
>
> ለሻንጣ ካሳ ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ የጠፋ ሻንጣ ካሳ ጥያቄ፣ የፋይል ቁጥር ADDXX12345
>
> ከዋሽንግተን ተነስቼ 8 ማርች 2025 በ07:40 አዲስ አበባ ደርሻለሁ። የትኬት ቁጥሬ፣ የበረራ ቁጥሮቹና የጠፋው ሻንጣ ባለ 10 አኃዝ የታግ ቁጥር ከዚህ በታች ተጽፈዋል። ሁለት ሻንጣ አስረክቤ አንዱ ብቻ ደርሶኛል። ያልደረሰው 23 ኪሎ የሚመዝን፣ ጥቁር፣ አራት ጎማ ያለው የጨርቅ ሻንጣ ነው።
>
> የጉዳዩ ሂደት፦
> 8 ማርች፦ ቦሌ ሪፖርት ሞልቻለሁ።
> 11 ማርች፦ በስልክ ጠይቄ «እየተፈለገ ነው» ተብያለሁ።
> 13 ማርች፦ የዕቃ ዝርዝር በኢሜይል ልኬያለሁ።
> 20 ማርች፦ በድጋሚ በኢሜይል ጠይቄያለሁ፤ መልስ አልደረሰኝም።
> 29 ማርች፦ 21 ቀን ሞልቷል። ሻንጣው አልደረሰም።
>
> በሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 17 መሠረት ሻንጣው እንደጠፋ ቆጥሬ የሚከተለውን እጠይቃለሁ፦
> ሀ) የሻንጣውና የዕቃዎቹ ዋጋ፣ በአባሪ 1 በዝርዝር፦ 1,198 ዶላር
> ለ) በመዘግየቱ ያወጣሁት ወጪ፣ በአባሪ 2 ከደረሰኝ ጋር፦ 9,850 ብር
>
> ጠቅላላው በአንቀጽ 22 ከተቀመጠው 1,519 ኤስ ዲ አር በታች ነው።
>
> እስከ 30 ኤፕሪል 2025 ክፍያውን እንድትፈጽሙ ወይም ያልተቀበላችሁትን መስመር ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።
>
> ስም (እንደ ፓስፖርቱ)፣ ስልክ፣ ፊርማ

አባሪ 1 ላይ ያለው ድምር እንዲህ መጣ። ሻንጣው 70፣ ኮቱ 140፣ ሁለት ጥንድ ጫማ 165፣ የልጅ ልጆቻቸው ልብስ 210፣ የደም ግፊት መለኪያ 58፣ ብርድ ልብስና አንሶላ 130፣ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ 180፣ የድስት ስብስብ 160፣ ቫይታሚንና ቅባት 85። ሲደመር 1,198 ዶላር። በእያንዳንዱ መስመር ጎን ማስረጃውን በቁጥር ጻፍን፦ «ማስረጃ 3» ካልን፣ የሦስተኛው ፋይል ስም ራሱ `3` ነው። ፋይሉን የሚያየው ሰው የሚፈልገውን ሳይፈልግ ያግኝ።

ደብዳቤው ላይ የሌለውንም ልብ በሉ። ስድብ የለም፣ «አሮጊት እናት አስለቀሳችሁ» የሚል የለም። አክስቴ አልቅሰዋል፤ ለልጅ ልጆቻቸው ያመጡት ስጦታ ነው የጠፋው። ስምምነቱ የቅጣት ካሳ አይፈቅድምና ያን ኀዘን ወደ ገንዘብ የሚቀይር መስመር የለም። ቦታውን ለቁጥር ተውነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከባድ ሥራ ትሠራለች። «ያልተቀበላችሁትን መስመር ከነምክንያቱ» ስትሉ በደፈናው መቀነስ ይከብዳቸዋል።

መልሱ ሲመጣ

መልሱ የመጣው 22 ኤፕሪል ነው። እንደጠበቅነው 460 ዶላር። አብሮ የሚፈረም ቅጽ ተያይዟል፦ ይህን ተቀብዬ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም የሚል። እንዲህ ያለ ቅጽ ላይ ከፈረማችሁ ነገሩ እዚያ ያልቃል። ገና በመጀመሪያው ቀን ለመቀየሪያ ልብስ ጥቂት ገንዘብ ሲሰጧችሁም ይህ ዓይነት ቃል እንዳለበት አንብቡ። ካለበት «ለጊዜው ወጪ ብቻ፣ የዋናው ካሳ መብቴ እንደተጠበቀ» ብላችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ።

አልፈረምንም። በሁለተኛው ቀን አራት መስመር መለስን፦ «ያቀረባችሁት በክብደት የተሰላ ነው። ትኬቱ ከአዲስ አበባ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ስለሆነ የሚሠራው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። በአንቀጽ 22 ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ወሰኑ በተሳፋሪ እንጂ በኪሎ አይደለም። በአባሪ 1 ከተዘረዘሩት የትኛውን እንደማትቀበሉና ለምን እንደማትቀበሉ ግለጹልኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ኪሎ አላነሱም። ወደ ዝርዝሩ ገቡ። የቫይታሚኑንና የቅባቱን 85 ዶላር ማስረጃ የለውም ብለው ሰረዙት። እውነት ነው፣ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ነበር፤ ፎቶም አልነበረንም። ተውነው። 19 ሜይ ላይ 1,113 ዶላርና 9,850 ብሩን ለመክፈል ተስማሙ። የባንክ ዝርዝር ሲጠይቁ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የባንኩን የስዊፍት ኮድና ስማቸውን እንደ ፓስፖርቱ ላክን። የአክስቴ የባንክ ደብተር ላይ የአያታቸው ስም በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ይለያል። ባንክ ሄደው አስተካክለው፣ ማረጋገጫ ወረቀት ይዘው መጡ። ይህ ብቻ አንድ ሳምንት ወሰደ። እናንተ ገና 21 ቀኑን ስትጠብቁ አጣሩት።

እምቢ ካሉ

መልስ ካልመጣ ወይም በጽሑፍ እምቢ ካሉ፣ ያንኑ ደብዳቤ ከነአባሪው ይዛችሁ አዲስ አበባ ያለው ቢሯቸው በአካል ሂዱ። ኮፒው ላይ «ተቀብለናል» ብለው ቀንና ማኅተም ያድርጉበት። ከዚያ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ክሱ አየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት፣ ትኬቱ በአየር መንገዱ ቢሮ በተቆረጠበት ወይም በጉዞው መድረሻ አገር ሊከፈት ይችላል። ትኬታቸው ደርሶ መልስ የሆነ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ሰዎች መድረሻቸው እዚሁ ስለሆነ ውጭ አገር ጠበቃ መፈለግ አይጠበቅባቸውም። ለጥቂት መቶ ዶላር ግን የጠበቃው ክፍያ ከካሳው እንዳይበልጥ አስቀድማችሁ አስሉ።

የክስ መብት የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው። የሚቆጠረው በረራው ከደረሰበት ቀን ነው፣ ደብዳቤ ከተጻፈበት ወይም እምቢ ከተባለበት አይደለም። ኢሜይል መመላለሱም ቀኑን አያስቆምም። ለአክስቴ ያ ቀን 8 ማርች 2027 ነበር። ገንዘቡ ሒሳባቸው እስኪገባ ድረስ የፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈነው ቡፌው ላይ፣ ሁላችንም በምናየው ቦታ ተቀምጦ ነበር።